ከእማዬ ፎቶ ስር

ወንድሜ ስለ እናታችን የጻፈውን አንብቦ ያላለቀሰ ሰው የለም ይላሉ። እኔ አላለቀስኩም። ጊዜ የት አግኝቼ! ሰው ሁሉ ስልኩን ታቅፎ ሲነፋረቅ እኔ ደም ፍለጋ ስሮጥ ነው የዋልኩት።

እናታችን ጎሚስታ ናት። አዎ፣ ሴት ጎሚስታ፤ ሰው ሲሰማ ሁለቴ ይጠይቃል። አባታችን ሲሞት ዘመዶቹ የሚሸጥ የሚለወጠውን ተከፋፍለው፣ ማንም የማይፈልገውን ክሪክና ኮምፕሬሰር ለእሷ ተዉላት። እሷም አላማረረችም፤ ከነዳጅ ማደያው አጠገብ በቆርቆሮ በተጋረደችው ቦታ ተቀምጣ የተነፈሰ ጎማ ውሃ ውስጥ እየነከረች፣ አረፋው የሚወጣበትን እየፈለገች፣ በሞረድ ፍቃ፣ ማስቲሽ ቀብታ፣ መጣፊያውን በአውራ ጣቷ ተጭና እኔንም ወንድሜንም አሳደገችን። ታክሲ ነጂዎቹ «እትዬ» ይሏታል። ዋጋ ሊከራከሯት ሲሞክሩ «በል በእግርህ ንዳው» ብላ ጎማውን ታንከባልልላቸዋለች።

ክሪክ ማንሳት ወገቧን ጨረሰው። ለወገቧ ብላ የሕመም ማስታገሻ ክኒን እንደ ከረሜላ ትቅም ነበር፤ ስንት ጊዜ ተጣላኋት። ወገቧን ሲያስታግስላት ጨጓራዋን በላት። አንድ ቀን ሥራዋ ቦታ ተቀምጣ ደም አስመለሰች፤ ደንበኞቿ ተሸክመው ሆስፒታል አደረሷት። ቱቦ በጉሮሮዋ አስገብተው የሚደማውን ለጊዜው አቆሙት፤ ግን ቁስሉ ትልቅ ነው፣ መልሶ መድማቱ አይቀርም፣ ሆዷ መከፈት አለበት ተባለ።

ሐኪሟ ልጅ እግር ናት፣ አነጋገሯም ቁጥብ። ለመክፈት ቢያንስ ሁለት ከረጢት ደም አጠገቤ መኖር አለበት አለችኝ። የእማዬ ደም ደግሞ ኦ ኔጌቲቭ ሆነና የደም ባንኩ ማቀዝቀዣ ውስጥ አንድም አልተገኘም። እኔ ኦ ፖዘቲቭ ነኝ። «የኔን ቅዱ፣ ሌላው ቢቀር ለክፉ ቀን ይሁን» ብዬ እጄን ዘረጋሁ። ሐኪሟ አስቀምጣ አስረዳችኝ። እማዬ እኔን ስትወልድ ደሜ ከደሟ ተቀላቅሎ፣ ሰውነቷ የኔን ዓይነት ደም የሚያጠቃ ነገር ሠርቷል። ከኔ በኋላ የተወለዱት ሁለቱ ያልተረፉት በዚያ ነው። ወንድሜ የተረፈው ደግሞ የእሷን ደም ወርሶ ነው። ያንን ዕድሜ ልኬን አላውቅም ነበር። የኔ ደም ለእናቴ መርዝ ነው፤ የሚያድናት ደም ያለው ልጇ ደግሞ ባሕር ማዶ የዓሣ ማቀዝቀዣ ፋብሪካ ውስጥ ሳጥን ይደረድራል። ወረቀቱ አላለቀለትም፤ ከወጣ አይመለስም፣ ለመውጣትም አይፈቅዱለትም። ይሄን ሁሉ በስልክ ነገርኩት።

ሁለት ሰው ግን አገኘሁ። አንደኛው የእማዬ ደንበኛ የሆነ ባለታክሲ ነው፤ መታወቂያው ላይ የደም ዓይነቱ ተጽፎ አይቶ ራሱ መጣ። ሁለተኛው የደም ባንኩ ሰውዬ ከመዝገቡ አግኝቶ የደወለለት የሒሳብ መምህር ነው። አገር ቤት ሊሄድ የቆረጠውን ትኬት አራዝሞ «ነገ ጠዋት እመጣለሁ» አለን። ሁለቱም ለጠዋት ተቀጠሩ። ቀዶ ጥገናውም ደሙ ተመርምሮ እንዳለቀ ሊሆን ተወሰነ። በዚህ ብንተኛ ኖሮ!

ወንድሜ አላስተኛንም። «ሁለት ከረጢት ባይበቃስ እቴቴ? እኔ እዚህ እጄን አጣምሬ ልቀመጥ?» አለ። እውነቱን ነው፣ ሐኪሟም አራት ቢሆን ይመረጣል ብላለች። ከዚያ በፊት «ኦ ኔጌቲቭ ደም እንፈልጋለን» የሚል ማስታወቂያ ለጥፎ አራት ሰው አውራ ጣት አድርጎለት ቀርቷል። ሰው ደም የሚል ቃል ሲያይ በጣቱ ገፋ አድርጎ ያልፋል። ለእናት ግን ይቆማል አለኝ። «መጀመሪያ እሷን ይወቋት። ካወቋት ደሙን ይሰጣሉ።»

ከሰዓት በኋላውን ሙሉ እሱ እየጻፈ ሲልክ እኔ እየሰረዝኩ ዋልን። «እናቴ ንግሥቴ» ብሎ ጀመረ። የሞኝ ዘፈን ሁልጊዜ አበባዬ! የእናቶች ቀን በመጣ ቁጥር እንዲሁ ንግሥቴ፣ አልማዜ፣ ሻማዬ እያለ ከጽጌረዳና ከቀይ ልብ ጋር ይለጥፋል። እኔ ሳነብላት እማዬ «ንግሥት ክሪክ ታነሳለች? አይ ቀጮ!» ትላለች፤ ቀጮ የምትለው እሱን ነው። ስለዚህ ዛሬስ ስኳርህን ተውልኝ አልኩት። ሰው ጽጌረዳ ሰልችቶታል፤ አንተ ያየኸውን፣ ሌላ ሰው ስለ እናቱ ሊጽፈው የማይችለውን ጻፍ። እሺ ብሎ ጠፋ፤ ሲመለስ የላከልኝን ሳነብ የምሰርዘው አጣሁ። ደሙ የት ይግባ ብለን ተነጋገርንና መጨረሻው ላይ ይሁን አልን። የጀመረው ሰው ሳይጨርስ አይተወውም ብለን ነዋ፤ ለካ ስልኩ የላይኛውን ብቻ አሳይቶ ሌላውን «ተጨማሪ» ከምትል ቃል ኋላ ይደብቀዋል።

ፎቶውም ሌላ ጣጣ ሆነ። እማዬ ፎቶ አትወድም። ያለችን አንዲት ደንበኛ ያነሳት ብቻ ናት፤ ጎማ አጠገብ ቆማ፣ ክሪኩን በእጇ ይዛ፣ ሳትስቅ። ከኋላዋ የስልክ ካርድ ማስታወቂያ ቀይና ቢጫ ሆኖ ዓይን ይወጋል፤ ፊቷን ይውጠዋል። ወንድሜ ከደረቷ በላይ ቆርጦ ጥቁርና ነጭ አደረጋት። አማረች። ሁለታችንም አማረች አልን።

እንዲህ ነበር የጻፈው፦

«እናቴ መንገድ ዳር ጎማ እየጠገነች አሳደገችን። ጥፍሯ ሥር የገባው ጥቁር በሳሙና አልለቅ ስላላት ትምህርት ቤት ስትመጣ እጇን ከኪሷ አታወጣም ነበር። አስተማሪዎቼ ኩሩ ትመስላቸው ነበር። አቅፋኝ አታውቅም። ሁለት ልጆች ቀብራ፣ ባሏንም ቀብራ በሳምንቱ ሥራ ገባች፤ ሰው ድንጋይ ናት አላት። እኔ ግን ጎማ ስር ስጫወት አይቻታለሁ፤ ኮምፕሬሰሩ እስኪነሳ ጠብቃ፣ በጩኸቱ ውስጥ ታለቅስ ነበር። ኮምፕሬሰሩ ሲቆም እሷም ትቆማለች። ወደ ውጭ ስትሸኘኝ እንኳ ‘ጃኬትህን ዝጋ’ ብቻ ነው ያለችኝ። ምስጋና አትወድም፤ እኔም አመስግኛት አላውቅም። ይህን ሳልል እንዳይቀርብኝ ብዬ ነው።»

ከዚህ በታች ደግሞ ሆስፒታሉ፣ የደም ዓይነቱ፣ የኔ ስልክ ቁጥር። በማግስቱ ጠዋት ፋብሪካው በር ላይ ሆኖ ለጠፈው። እዚያ የሚሠራ ሰው ስልኩን ልብስ መቀየሪያው ሳጥን ውስጥ ቆልፎ ነው የሚገባ፤ እስከ ምሳ እረፍት አይነካትም።

እኔ በዚያው ጠዋት የደም ባንኩ በር ላይ ተገትሬ ሁለቱን ሰዎቼን እጠብቃለሁ። አንዳቸውም የሉ። ጠበቅኩ፣ ጠበቅኩ። ባለታክሲው ጋ ስደውል አያነሳም። ቃሉን የሚያጥፍ ወንድ ሁሉ ላይ የማውቀውን ስድብ በልቤ ካወረድኩ በኋላ መምህሩ ጋ ደወልኩ። አነሳ። ገና አፌን ሳልከፍት በተሰበረ ድምፅ «እግዜር ያጽናሽ እህቴ። ትናንት መምጣት ነበረብኝ፣ ራሴን ይቅር አልለውም» አለኝ።

«ምን ሆነህ ነው?» አልኩት።

ወንድምሽ የጻፈውን አነበብኩ አለኝ። ሞተዋል ብሎ ትኬቱን አድሶ አውቶብስ ውስጥ ነው፤ ከተማውን ለቅቆ ወጥቷል። አልሞተችም ብዬ ጮህኩ፤ የተሰለፈው ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። መምህሩ ወዲያው ለሹፌሩ «ወራጅ አለ!» ሲል ሰማሁት። መንገድ ላይ ወርዶ የሚመለስ መኪና እፈልጋለሁ አለኝና ስልኩ ተቋረጠ።

ያኔ ነው ገጹን የከፈትኩት። ከእማዬ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ስር «ነፍስ ይማር» እንደ ሰልፍ ተደርድሯል። የመጀመሪያው አስተያየት የአጎታችን ነው። አጎታችን የመድኃኒት መመሪያ እንኳ ከርዕሱ አልፎ አንብቦ አያውቅም። «እህቴ! ምነው ሳልሰናበትሽ!» ብሎ ጽፏል። ወንድሟ ሞተች ካለ ማን ይጠራጠር? ሁሉም ተከትሎት ነጎደ። የማላውቃቸው ሰዎች «ድንጋይ ሳይሆኑ ዓለት ነበሩ» እያሉ ይቀኛሉ። «ተጨማሪ» የምትለዋን የነካ የለም። ለምን ይንካ? ነገሩ ግልጽ ነው፤ ቀለም የሌለው ፎቶ፣ ልብና አበባ የሌለው ጽሑፍ። በሕይወት ያለችን እናትማ ንግሥቴ ብለን በስኳር እንለውሳታለን። እውነቱን የምንጽፈው ስትሞት ነው። ወንድሜ በቁሟ እውነቱን ቢጽፍላት ሰው አንድ ነገር ብቻ ገባው።

«በሕይወት አለች፣ ደም ነው የምንፈልገው» ብዬ ጻፍኩ። ከኔ በላይ ስንት መቶ ልቅሶ አለ፤ ወዲያው ተቀበርኩ። እንደገና ጻፍኩ። አንዷ «እህቴ ሐዘኑ ነው፣ መቀበል ይከብዳል፣ አይዞሽ» ብላ መለሰችልኝ። እሷን ባገኛት ኖሮ! አጎታችን ጋ ደውዬ ይሄን ነገር አጥፋ ስለው ድምፁ በልቅሶ ታፍኖ «ማን ነው?» ይለኛል። የወንድሜ ስልክ ይጠራል፣ ይጠራል፣ ሳጥን ውስጥ ይጠራል። የሚስጥር ቁጥሩን አላውቅ፣ ጽሑፉን ከሱ በቀር የሚነካው የለ። ሐኪሟ መጥታ «ደሙስ?» አለችኝ። እየመጣ ነው አልኳት። መዋሸቴን ከእሷ በፊት የማውቀው እኔው ነኝ።

ወንድሜ በምሳ እረፍቱ ራሱ ደወለ። ስልኩን ሳነሳ የሰማሁት ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ።

«መቼ ነው እቴቴ?» አለኝ። «ለምን ከሰው እሰማለሁ?»

ሳጥኑን ከፍቶ ያን ሁሉ «ነፍስ ይማር» ሲያይ እሱም አምኗል። እሱ ዓሣ ሲደረድር እማዬ የሞተች መስሎታል። ማባበል ሲገባኝ፣ አልሞተችም አይዞህ ማለት ሲገባኝ፣ የጠዋቱ ንዴቴ ሁሉ በአንድ ጊዜ ገነፈለ።

«አልሞተችም! ደም ሰጪዎቹን የመለስክባት አንተ ነህ። አንተ ነህ የገደልካት!»

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። አመለጠኝ።  ከዚያ እንደ ትንሽ ልጅ «ምን ላድርግ? ንገሪኝ፣ ምን ላድርግ?» ይል ጀመር። ጽሑፉን እንዳያጠፋው ነገርኩት፤ ካጠፋው የተጋራውም አብሮ ይጠፋና ማስተባበያው የሚደርስበት መንገድ አይኖርም። አስተካክለው፣ ከሁሉም በላይ አንድ መስመር ጨምር አልኩት። ጨመረ፦ «እናቴ በሕይወት አለች። ዛሬ ኦ ኔጌቲቭ ደም ካላገኘች ትሞታለች።» ከሥሩ ስልክ ቁጥሬን አስከተለ፤ ፎቶውንም ባለቀለሙን አደረገው።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ከሱ ገጽ የተጋራው ተስተካከለ፤ ነገር ግን ሰው ጽሑፉን ከነፎቶው ከስልኩ ላይ ቀርጾ በየቡድኑ በትኖታል፤ እሱን ማን ያስተካክለው? የድሮው እማዬን ገድሎ ይዞራል፣ አዲሱ ያድናታል፣ ሁለቱ ተጣሉ። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ «የሟች ልጅ ገጽ በሌቦች ተጠልፏል፣ ደም በሚል ሰበብ ሰው እያታለሉ ነው፣ እንዳትደውሉ» የሚል ወጣ። ስልኬ ጠራ፤ ዘልዬ አነሳሁት። አንድ ሰውዬ በሟች የሚነግድ እርጉም ነው ብሎ ሰድቦኝ ዘጋው።

ባለታክሲው አሁንም አያነሳም። ሌላ መላ ስላጣሁ ልፈልገው ወደ ሰፈር በረርኩ። ከቤታችን ፊት ለፊት ደረስኩ። ጎረቤት ሁሉ ወንበር አውጥቶ ግቢያችንን ሞልቶታል። ሴቶቹ እኔን ሲያዩ እሪ ብለው ተነሱ፤ አንዷ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ቆርቆሮ በሩ አጠገብ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ባለታክሲዬ ተቀምጧል። ጨዋ ሰው ነው፤ ሞተች ሲባል ዝም ብሎ አልቀረም፣ ለቅሶ ሊደርስ መጥቷል። የስልኩንም ድምፅ ለሐዘኑ አክብሮት ብሎ አጥፍቶታል።

ክንዱን ያዝኩት። «ተነስ። እናቴ ሆስፒታል ተኝታ ደምህን እየጠበቀች ነው።»

ሐዘን አሳብዷት ነው ብለው ሊያስቀምጡኝ ሞከሩ። ውሃ አምጡላት ይላል አንዱ። ባለታክሲው ዓይን ዓይኔን አየኝ። ከዚያ ቁልፉን ከኪሱ አወጣ። ስንወጣ ዞሬ ኦ ኔጌቲቭ ያለ ሰው አለ ወይ ብዬ ጠየቅኩ። ያ ሁሉ ለቅሶኛ እርስ በርሱ ተያየ። ደሙን የሚያውቅ አልነበረም። ሦስት አራቱ ግን እንመርመር ብለው ተከትለውን መጡ፤ የአንዳቸውም አልሆነም።

የባለታክሲው ደም ተቀዳ። ተቀዳ ማለት ግን ደረሰ ማለት አይደለም። ለበሽታ ይመረመራል፣ ከዚያ ከእሷ ደም ጋር ይዋሃድ አይዋሃድ ይታያል፤ ሰዓታት ይፈጃል። የደም ባንኩ ሰውዬ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «ልጄ፣ ሳልመረምር ብሰጣት እኔ ነኝ የምገድላት» አለኝ። ጠዋት ቢመጡ ኖሮ ይሄ ሁሉ በምሳ ሰዓት አልቆ ነበር።

እማዬ አልጋዋ ላይ ነቅታ ጠበቀችኝ። ፊቷ አመድ መስሏል፤ ምላሷ ግን እንዳለ ነው። የጽዳት ሠራተኛዋ ስልኳ ላይ ያለውን ፎቶና እሷን እያፈራረቀች ስታይ ቆይታ «አልሞቱም እንዴ?» ብላ ጠይቃታለች።

«ምላሶ፣» አለችኝ፣ «ሞቼ አለቀሱ አሉ። ምን ብሎ ነው የጻፈው? አንብቢልኝ።»

አነበብኩላት። ጥፍሯ ጋ ስደርስ እጇን አንሶላው ውስጥ ከተተች። ኮምፕሬሰሩ ጋ ስደርስ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ጨረስኩ። ስትናገር ድምፅዋ ወረደ፤ «ታዲያ ይሰማኝ ኖሯል?» አለች ለራሷ። ቀጥላ እንደ ልማዷ ተቆጣች። ደውይለት አለችኝ።

ወንድሜ በመጀመሪያው ጥሪ አነሳ። ወደ ሥራ አልተመለሰም፤ ልብስ መቀየሪያው ውስጥ እንደተቀመጠ ነው። ስልኩን ጆሮዋ ላይ ያዝኩላት። ይቅርታ፣ ይቅርታ እያለ ሲያለቅስ ለኔም ይሰማል። እሷ በእሱ ጽሑፍ ምክንያት ደም እንደዘገየ አታውቅም፤ ሞተሻል ስለተባለች ያዘነ መስሏታል።

«ዝም በል» አለችው። «ደህና ጽፈሃል። አንዱን ግን ተሳስተሃል። አቅፌህ አውቃለሁ። ተኝተህ ነበር።»

ወንድሜ ያለውን አልሰማሁም። እሷ ትንሽ አዳመጠችና «በል ጃኬትህን ዝጋ» ብላ ስልኩን በእጇ ገፋችው። እኔ ወደ ኮሪደሩ ወጥቼ ግድግዳው ላይ ተደግፌ አፌን በክርኔ አፈንኩ። ኮምፕሬሰር አልነበረኝም።

መሸት ሲል ቁስሉ ፈነዳ። ያስመለሰችውን ደም ባየሁ ጊዜ ሰው ውስጥ ያን ያህል ደም መኖሩን አላመንኩም። ሐኪሟ ሮጣ መጣች። የባለታክሲው ከረጢት ገና መመርመሩ ነበር ያለቀ፤ ሁለተኛ አልነበረም። መጠበቅ አይቻልም ብላ በአንዱ ይዛት ገባች። አልጋዋን እየገፉ ሲወስዷት እጇን ለመያዝ ደረስኩ፤ ቀዝቅዛለች፣ ጥፍሯ ሥር ግን ያው ጥቁር አለ። «ምላሶ፣ ሰዎቹን ወንበራቸውን ይመልሱ በያቸው» አለችኝ። ሌላ አላለችም።

መምህሩ አቧራ በአቧራ ሆኖ፣ በእህል ጫኝ መኪና ተሳፍሮ ደረሰ። እጅጌውን እየሰበሰበ ገባና ደሙን ሰጠ። ከረጢቱ ገና ምርመራ ላይ እያለ ሐኪሟ ወጣች። ጭምብሏን አወረደች፤ ከፊቷ ሁሉንም አወቅኩት።  አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኳት፤ ሁለቱ ደም ጠዋት ቢመጣ ኖሮስ?

«ጠዋት ቢሆን ኖሮ…» አለችና አቆመች። እጇን ትከሻዬ ላይ አድርጋ ትንሽ ቆየች፤ ከዚያ ሄደች። ያልጨረሰችውን እኔ ጨርሼዋለሁ፤ በየቀኑ እጨርሰዋለሁ።

ለወንድሜ መንገር የኔ ነው፤ ሌላ ማን አለ? ስደውልለት እንደ ቀኑ አልጮኽኩም። ቀጮ ብቻ ስለው ገባው።  ከኋላው የብረት ሳጥኖች ሲከፈቱና ሲዘጉ ይሰማል፤ የሥራ ፈረቃ እየተቀየረ ነው፣ ሰው በማላውቀው ቋንቋ ይሳሳቃል። እዚያ መሐል ብቻውን ነው። የሚይዘው ሰው የለም፤ እኔ እንኳ ከዚህ ሆኜ ጀርባውን ልነካው አልችልም።

በመጨረሻ ጠየቀኝ። «እቴቴ፣ እውነቱን ንገሪኝ። እኔ ነኝ?»

ቀን ላይ ያልኩትን ሁለታችንም እናውቃለን። ውሸት አልችልም ብዬ የምኩራራ ሰው ነኝ፤ እናቴ ምላሶ ያለችኝ በዚያ ነው።

«ሐኪሟን ጠይቄያታለሁ» አልኩት። «ደሙ ጠዋት ቢመጣም አትተርፍም ነበር አለችኝ። ቁስሉ ነው። አንተ አይደለህም።»

አመነኝ አላመነኝም አላውቅም። እሺ አለና ዘጋው።

እዚያው የኮሪደሩ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ ገጹን ከፈትኩ። ምን እንደምፈልግ አላውቅም፤ ፊቷን ለማየት ነው መሰለኝ። እያየሁት ስልኩ ላይ ተስተካከለ። ወንድሜ አዲስ ነገር አልጻፈም። «እናቴ በሕይወት አለች» የምትለዋን ላይኛዋን መስመር ብቻ አጠፋት፣ ፎቶዋን ወደ ጥቁርና ነጭ መለሰው። ከዚያ በኋላ አንድም ሰው ከሥሩ አልጻፈም፤ ሁሉም አልቅሶ ጨርሶ ነበር።